240 ብሩ የት ገባ? የደመወዝ ስሊፕን ከሥራ ውል ጋር በስልክ ማስተያየት

አንዲት ተከታታያችን ሁለት ስክሪንሾት ላከችልን። አንዱ የታኅሣሥ ወር የደመወዝ ስሊፕ ነው። ሌላኛው መስከረም ላይ ስትቀጠር የፈረመችው ውል፣ ደመወዝ የተጻፈበት ገጽ። አብሮ የመጣው መልዕክት አጭር ነው፦ «በካልኩሌተር ሳሰላው 10,960 ብር ነው የሚደርሰኝ። የገባልኝ ግን 10,720 ነው። 240 ብሩ ታክስ ነው ወይስ በልተውኛል?»

ሁለቱን ስክሪንሾት ጎን ለጎን አድርገን አየናቸው። 240 ብር የሚባል ነገር ስሊፑ ላይ የትም የለም። ያገኘነው ሌላ ነው፦ 450 ብር ያለ ውል ተቆርጦባታል፣ 210 ብር ደግሞ ሳታውቀው ተጨምሮላታል። 450 ሲቀነስ 210፣ 240 ይመጣል። የባሰው ግን ያ የተጨመረላት 210 ነው። ለምን እንደሆነ እናያለን።

በፈቃዷ፣ ስሟንና ድርጅቱን ትተን፣ ቁጥሮቹንም ለስሌት እንዲመቹ ትንሽ አስተካክለን እንዲህ አቅርበነዋል። መጀመሪያ ውሉ፦

```
አንቀጽ 4፦ ደመወዝና አበል
መሰረታዊ ደመወዝ   12,000.00 ብር በወር
የቤት አበል         3,000.00 ብር በወር
```

ስሊፑ ደግሞ ይሄ ነው፦

```
Basic Salary      9,000.00
House Allow.      3,000.00
Other Allow.      3,000.00
Gross Pay        15,000.00
Taxable Income   15,000.00
Income Tax        3,200.00
Pension 7%          630.00
Other Ded.          450.00
Net Pay          10,720.00
```

ከማስላታችሁ በፊት ግን ስክሪንሾቶቹ ራሳቸው ለማስተያየት ይበቁ እንደሆነ እዩ። ብዙ ሰው የሚልክልን Net Pay የሚለውን መስመር ብቻ ቆርጦ ነው። ከእሱ ምንም ማወቅ አይቻልም። ከስሊፑ ወሩ፣ ከ Basic Salary ጀምሮ ያለው ሁሉም መስመር እና መጨረሻው መታየት አለባቸው። ከውሉ ደግሞ የደመወዙ አንቀጽ፣ ሥራ የተጀመረበት ቀን፣ የፊርማው ገጽ፣ እና «ተቀናሽ» የሚል ቃል ያለበት ማንኛውም አንቀጽ ያስፈልጋሉ። በኋላ የደመወዝ ጭማሪ ወይም የዝውውር ደብዳቤ ከተሰጣችሁ መነሻው ውሉ ብቻ ሳይሆን ደብዳቤውም ጭምር ነው። ወሩንም አስተውሉ። አንዳንዱ ድርጅት የሚከፍለው በፈረንጅ ወር ነው፣ ስለዚህ በወር አጋማሽ የገባ ሰው የመጀመሪያ ስሊፑ የቀኖቹ ብቻ ስለሚሆን ሙሉ ከሆነው ውል ጋር አይገጥምም። ለማስተያየት ሙሉ የሠራችሁበትን ወር ምረጡ። የእሷ ታኅሣሥ ሙሉ ወር ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያየው Gross Pay የሚለውን ነው። ውሉ 12,000 እና 3,000 ይላል፣ ድምሩ 15,000። ስሊፑም 15,000። «ገጠመ» ብሎ ያልፋል። እሷም ያለፈችው እዚህ ላይ ነው። ግሮሱ መግጠሙ ግን ውስጡ ገጥሟል ማለት አይደለም። ሦስት መስመር ወደ ላይ ውጡ፦ ውሉ መሰረታዊ ደመወዝ 12,000 ይላል፣ ስሊፑ ላይ Basic Salary 9,000 ነው። የጎደለው 3,000 ብር Other Allow. የሚል ስም ተሰጥቶት ከስር ተቀምጧል። ውሉ ላይ እንዲህ የሚባል አበል የለም።

ብሩ እኮ ያው ነው፣ ምን ለውጥ አለው? ትላላችሁ። ለውጡ ያለው ጡረታው ላይ ነው።

በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ ከራሱ ኪስ የዚያኑ ደመወዝ 11 በመቶ ያዋጣል። ድምሩ 18 በመቶ ነው። ደመወዝ የሚባለው መደበኛው የወር ደመወዝ ነው፣ ታክስም ሆነ ሌላ ተቀናሽ ሳይነካው። አበሎች እዚህ ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ ከደመወዝ መስመር ወደ አበል መስመር የተዛወረ እያንዳንዱ ብር ከጡረታ ስሌት ይወጣል።

በውሉ መሠረት የእሷ መዋጮ 12,000 ሲባዛ በ7 በመቶ፣ 840 ብር መሆን ነበረበት። ስሊፑ ላይ ያለው 630 ነው፣ እሱም የ9,000 ብር 7 በመቶ። ልዩነቱ 210 ብር። ያ 210 ብር አልተቆረጠባትም፣ ስለዚህ በኔት ደመወዟ ላይ ተጨምሮ እጇ ገብቷል። ለዚህ ነው ማንም ሰው የማይጮኸው። ብር ሲበዛለት ኤች አር ቢሮ ሄዶ የሚከራከር ማን አለ?

የድርጅቱን በኩል ደግሞ አስሉት። 11 በመቶው ከ12,000 ላይ 1,320 ብር ነበር። ከ9,000 ላይ ግን 990 ብር ብቻ ነው። ድርጅቱ በየወሩ 330 ብር ሳያወጣ ይቀራል። በእሷ ስም ወደ ጡረታ ፈንዱ ከሚገባው ላይ የጎደለው 210 እና 330 ሲደመር፣ በወር 540 ብር ነው። በዓመት 6,480። እሷ ከዚያ ውስጥ 2,520 ብሩን አሁን በእጇ ታገኛለች፣ 3,960 ብሩ ግን የድርጅቱ ትርፍ ሆኖ ይቀራል። ጡረታ ሲወጣ አበሉ የሚሰላው ደግሞ ከተመዘገበው ደመወዝ ተነስቶ ነው፣ እሷም የተመዘገበችው ባለ 9,000 ሆና ነው።

«ጡረታዬ ገና 30 እና 35 ዓመት ይቀረዋል» ለሚል ሰው ቀረብ ያለ ምሳሌ አለን። የትርፍ ሰዓት ክፍያም የሚሰላው ከደመወዙ ነው እንጂ ከአበሉ ጋር አይደለም። በሳምንት 48 ሰዓት ለሚሠራ ሰው አንድ ወር በአማካይ 208 ሰዓት ይሆናል። 12,000 ለ208 ሲካፈል ሰዓቱ 57.69 ብር ነው። 9,000 ለ208 ሲካፈል 43.27 ብር። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የተሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል። በወር 10 ሰዓት ብትሠራ በውሉ 865 ብር፣ በስሊፑ 649 ብር ታገኛለች ማለት ነው፣ ሁለቱም ከታክስ በፊት። ልዩነቱ 216 ብር። «የተጨመረላት» 210 ብር በ10 ሰዓት ትርፍ ሥራ ተመልሶ ሄደ። ከሥራ ስትለቅ ያልወሰደችው የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ቢከፈላት፣ የስንብት ክፍያ የሚገባት ከሆነም፣ መነሻው ይኸው Basic Salary የሚለው መስመር ነው።

ውላችሁ ላይ «ጠቅላላ ደመወዝ 15,000 ብር» ብቻ ተጽፎ፣ ምንም አበል ሳይጠቀስ ስሊፑ ላይ ለሁለት ለሦስት ተከፋፍሎ ብታገኙትስ? ይሄ በጣም የተለመደ ነው። ውሉ አበል የሚል ቃል ከሌለው ሙሉው 15,000 ደመወዝ ነው ብላችሁ ለመከራከር ጥሩ መነሻ አላችሁ፣ ምክንያቱም ስሊፑን የሚያዘጋጀው አሠሪው ብቻውን ነው፣ ውሉን ግን የፈረማችሁት ሁለታችሁ ናችሁ። በተቃራኒው ውሉ ራሱ ደመወዙን ዝቅ አድርጎ አበሉን ከፍ ካደረገው ስሊፑ ከውሉ ጋር ይገጥማል፣ የማስተያየት ጥያቄ አይነሳም። ያ ከመፈረማችሁ በፊት ልትደራደሩበት የሚገባ ነገር ነበር።

ታክሱ ላይ የእሷ ስሊፕ ትክክል ነው። ግን ስንት ሰው እዚህ ላይ እንደሚደናገር ስለምናውቅ እንሥራው። በገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 የመጣው አዲሱ ሰንጠረዥ ላይ እስከ 2,000 ብር ግብር የለም። ከዚያ በላይ በየደረጃው 15፣ 20፣ 25፣ 30 በመቶ እያለ ይወጣል፣ ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ነው። ከ14,000 በላይ ለሚያገኝ ሰው አቋራጩ ስሌት ይሄ ነው፦

```
15,000 x 0.35 - 2,050 = 3,200
```

ስሊፑ 3,200 ይላል፣ ገጠመ። ከ10,000 በላይ እስከ 14,000 ለሆነ በ0.30 አባዝታችሁ 1,350 ቀንሱ። ከ7,000 በላይ እስከ 10,000 ለሆነ በ0.25 አባዝታችሁ 850 ቀንሱ። ከ4,000 በላይ እስከ 7,000 ለሆነ በ0.20 አባዝታችሁ 500 ቀንሱ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የሠራተኛው 7 በመቶ ጡረታ ከታክስ በፊት አይቀነስም። ታክሱ የሚሰላው ጡረታ ሳይነሳ ከ15,000 ላይ ነው። ካልኩሌተር ላይ ጡረታውን አስቀድሞ ቀንሶ ያሰላ ሰው «ታክስ በዛብኝ» ይላል፣ ስህተቱ ግን የራሱ ነው። ሁለተኛ፣ አሮጌው የኤክሴል ፋይል እስካሁን የሚሠራባቸው ቢሮዎች አሉ። በድሮው ሰንጠረዥ ከፍተኛው 35 በመቶ ሲሆን የሚቀነሰው 1,500 ብር ነበር። ስለዚህ ግብር የሚከፈልበት ገቢያችሁ ከ14,000 በላይ ሆኖ ታክሱ እናንተ ካሰላችሁት ልክ በ550 ብር ከበለጠ፣ ፋይናንሱ አሮጌውን ሰንጠረዥ አልቀየረም ማለት ነው። 2,050 ሲቀነስ 1,500 ስንት ነው? 550። እንዲህ ያለ ስህተት ብዙ ጊዜ ክፋት የለበትም፣ በአንድ ኢሜይል ይስተካከላል።

Gross Pay እና Taxable Income የተለያየ ቁጥር ከሆኑ አትደንግጡ። እንደ ትራንስፖርት አበል ያሉ ክፍያዎች እስከተወሰነ መጠን ከግብር ነፃ ስለሚሆኑ ልዩነቱ እነሱ ናቸው። መጠየቅ ያለባችሁ የትኛው አበል፣ ስንት ብሩ ነፃ ተደረገ የሚለውን ነው። የእሷ የቤት አበል በጥሬ ገንዘብ ስለሚከፈል ሙሉው ታክስ ይከፈልበታል፣ ለዚህ ነው ሁለቱም 15,000 የሆኑት።

አሁን የቀረው Other Ded. 450 ነው። ስም የሌለው ተቀናሽ። ታክስ አይደለም፣ ጡረታም አይደለም። የውሉን ገጾች በሙሉ ላኪልን ብለናት አንድ በአንድ አየን፣ ስለ ተቀናሽ የሚያወራ አንቀጽ የለም። የቀደሙት ሦስት ስሊፖቿ ላይም 450 አለ። ኤች አርን በቴሌግራም ስትጠይቅ የመጣው መልስ «ስትገቢ የሰጠንሽ ሥልጠና ወጪ ነው፣ በየወሩ ይቆረጣል» የሚል ነው። እሷ ስለ ሥልጠና ወጪ የፈረመችው ወረቀት የለም።

የሥራና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 እዚህ ላይ ግልጽ ነው። አሠሪ ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ መቁረጥ የሚችለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲሆን፣ አለበለዚያ ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ አይችልም። ስለዚህ የብድር ተመላሽ፣ የዕቁብ ወይም የማኅበር መዋጮ፣ ኮስት ሼሪንግ የመሳሰሉት ስሊፕ ላይ ቢታዩ ችግር የለውም፣ ከኋላቸው ፊርማችሁ ወይም ሕግ ካለ። «ፖሊሲያችን ነው» ብቻውን ግን አይበቃም። ፖሊሲው በአግባቡ የወጣ የሥራ ደንብ ውስጥ አለ ካሉ አንቀጹን ያሳዩ፣ እናንተም ስክሪንሾት አድርጉት።

እዚህ ላይ ከሌሎች ተከታታዮቻችን ስሊፕ ያየነውን አንድ ነገር ጣል እናድርግ፣ ምክንያቱም ከሁሉም ትልቁ ቁርጥ እሱ ነው። አንዳንድ ስሊፕ ላይ Pension 7% እና Pension 11% ሁለቱም ይጻፋሉ። መጻፋቸው ብቻ ጥፋት አይደለም፣ ድርጅቱ የከፈለውን እያሳያችሁ ሊሆን ይችላል። ማወቂያው ቀላል ነው። ስልኩ ላይ ካልኩሌተሩን ክፈቱና ከ Gross Pay ላይ ታክሱን፣ 7 በመቶውን እና ሌሎች ተቀናሾችን ብቻ ቀንሱ። Net Pay ላይ ከደረሳችሁ 11 በመቶው ለመረጃ ብቻ ነው የተጻፈው። Net Pay የሚመጣላችሁ 11 በመቶውን ጭምር ስትቀንሱ ከሆነ ግን አሠሪው የራሱን ድርሻ ከእናንተ ደመወዝ እያነሳ ነው። በ12,000 ብር ደመወዝ ይሄ በወር 1,320 ብር ነው። ሕጉ ድርሻውን የአሠሪው ያደርገዋል፣ ከሠራተኛው ላይ መቁረጥ አይፈቀድም። ድርጅታችሁ በጡረታ ፋንታ ፕሮቪደንት ፈንድ ያለው ከሆነ በመቶኛው ሊለያይ ስለሚችል ውሉ ላይ የተጻፈውን ተከተሉ።

ስሊፕ የማያሳየው ነገርም አለ። 630 ብር ተቆረጠ ማለት 630 ብር ለጡረታ ገባ ማለት አይደለም። ስሊፑ የሚያረጋግጠው ከእናንተ መቀነሱን ብቻ ነው። መግባቱን ማወቅ የሚቻለው የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ይዛችሁ የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ቅርንጫፍ ሄዳችሁ በስማችሁ የተመዘገበውን ደመወዝና መዋጮ ስትጠይቁ ነው። ኤች አር የመለያ ቁጥራችሁን ሊነግራችሁ ካልቻለ፣ ያ ራሱ መመዝገባችሁን እንድትጠራጠሩ የሚያደርግ ምልክት ነው።

ወደ ልጅቷ እንመለስ። በውሉ መሠረት ሊደርሳት የሚገባው 15,000 ሲቀነስ ታክስ 3,200፣ ሲቀነስ ጡረታ 840፣ 10,960 ነው። ካልኩሌተሯ ትክክል ነበር። የደረሳት 10,720። ኤች አር ሄዳ «240 ብር ጎደለኝ» ብትል ኖሮ 240 ብር የሚል መስመር ስለሌለ «ሲስተሙ ነው» ተብላ ትመለስ ነበር። የመጨረሻው ቁጥር ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ስህተት ውጤት አይደለም፣ አንዱ ሲጨምር ሌላው ሲቀንስ የተጣፋ ነው። ስለዚህ ጥያቄው በመስመር በመስመር መሆን አለበት። አብረን ያዘጋጀነው ኢሜይል እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። መስከረም ላይ በተፈረመው ውሌ አንቀጽ 4 መሰረታዊ ደመወዜ 12,000 ብር ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት አራት ስሊፖች ላይ ግን 9,000 ሆኖ ተመዝግቧል፣ ጡረታውም 840 መሆን ሲገባው 630 ሆኗል። እንዲሁም በየወሩ 450 ብር ሌላ ተቀናሽ በሚል ተቆርጧል፣ ለዚህ የፈረምኩት ስምምነት የለም። የሁለቱንም ምክንያት በጽሑፍ እንዲገልጹልኝና እንዲስተካከል እጠይቃለሁ። ስሊፖቹንና የውሉን ገጽ አያይዣለሁ።»

ቁጣ የለበትም፣ ሕግ ጠቀሳ የለበትም። አምስት ቁጥር እና ሁለት ጥያቄ ብቻ። በቴሌግራም ሳይሆን በኢሜይል ያደረግነው ቴሌግራም ላይ መልዕክት ከሁለቱም ወገን ሊጠፋ ስለሚችል ነው። የኤች አሩን የሥልጠና ወጪ መልስም ሳይጠፋ ስክሪንሾት አድርጋ አስቀምጣዋለች። ማስረጃውን ለሰው ስትልኩ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፣ ቁጥሮቹ እንዳይደበዝዙ። ለእኛም ሆነ ለጓደኛ ስትልኩ የባንክ ሒሳብ ቁጥራችሁንና ቲን ቁጥራችሁን ሸፍኑ። ዋናውን ግን ሳትነኩ አስቀምጡ።

«ደመወዙን ፈርሜ ተቀብያለሁ፣ አሁን ምን እላለሁ?» የሚለው ስጋት መሠረት የለውም። አንቀጽ 60 አሠሪው ያልተጣራውን ክፍያ፣ ተቀናሹን በዓይነትና በመጠን፣ የተጣራውንም የሚያሳይ መዝገብ እንዲይዝና ሠራተኛው ሲጠይቅ እንዲያስረዳው ያስገድዳል። ሳይቃወም መቀበሉም ያልተከፈለውን የመጠየቅ መብቱን አያሳጣውም።

የሚያሳጣው ጊዜ ነው። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የመስከረሟ 450 ብር መጋቢት መጨረሻ ላይ ያልቅላታል፣ የጥቅምቱ ሚያዝያ መጨረሻ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ኤች አር «እያየነው ነው» እያለ ወራት ቢያስቆጥር ሰዓቱ አይቆምላችሁም። ይርጋውን የሚያቋርጠው ጉዳዩ የሥራ ክርክር ለሚያየው ወይም አዋጁን ለሚያስፈጽመው አካል ሲቀርብ፣ ወይም አሠሪው ጥያቄያችሁን በጽሑፍ ሲያምን ነው። ስለዚህ ኢሜይሉ በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ መልስ ካላገኘ ወደ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት የአሠሪና ሠራተኛ ክፍል መሄድ ነው። እዚያ ካልተፈታ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት አለ።

በእሷ ጉዳይ ነገሩ እዚያ ድረስ አልሄደም። ኤች አር በሳምንቱ ደውሎ «የጥር ስሊፕ ላይ ይስተካከላል» ብሏታል። ጥሩ ነው፣ ግን እሱንም ማስተያየት አለባት። የሚጠብቃት ስሊፕ ለዓይን ግራ ሊያጋባ ይችላል።

ጡረታው ወደ ኋላ ተመልሶ ሲስተካከል የአራት ወር ልዩነት፣ አራት ጊዜ 210፣ 840 ብር ከእሷ ይቆረጣል። ይሄ ቅጣት አይደለም፣ ቀደም ብሎ እጇ የገባው ነው። ድርጅቱም በእሱ በኩል አራት ጊዜ 330፣ 1,320 ብር ማስገባት አለበት። እሱ ስሊፑ ላይ ላይታይ ስለሚችል ማኅበራዊ ዋስትና ሄዳ ብታጣራ ይሻላል። 450 ብሩ ደግሞ አራት ጊዜ፣ 1,800 ብር ይመለስላታል። ያ ተመላሽ አዲስ ገቢ አይደለም፣ ታክሱ ያኔውኑ ተከፍሎበታል። ስለዚህ ከታክስ በኋላ ነው መጨመር ያለበት። ፋይናንስ ተሳስቶ ከላይ ከአበሎቹ ጋር ቢደምረው Taxable Income 16,800 ይሆንና በ35 በመቶ 630 ብር ድጋሚ ታክስ ይቆረጥባታል።

በትክክል ከተሠራ የጥር ስሊፕ ይሄን መምሰል አለበት፦

```
Basic Salary     12,000.00
House Allow.      3,000.00
Gross Pay        15,000.00
Income Tax        3,200.00
Pension 7%          840.00
Pension Arrears     840.00
Refund           +1,800.00
Net Pay          11,920.00
```

ከየካቲት ጀምሮ ደግሞ 10,960። የጥሩ ስሊፕ ገና አልመጣም። ሲመጣ ስክሪንሾቱን እንደምትልክልን ነግራናለች፣ ከላይ ባለው መስመር በመስመር አስተያይተን እዚሁ ልጥፍ ስር ውጤቱን እንጨምራለን።